መልስ ያላገኘ የፈቃድ ማመልከቻን በትሕትና ስለ ማስታወስ

በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገለግል ሰው ሁሉ በዓመት ውስጥ ለዕረፍት የተወሰነለት ቀን እንዳለው የታወቀ ነው። ቀኑ የሠራተኛው ቢሆንም መቼ እንደሚወጣበት የሚቆርጠው መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ፥ ሠራተኛው ማመልከቻ ጽፎ ያቀርባል፤ አለቃውም ሥራውን አመዛዝኖ ይፈቅዳል፥ ወይም ቀኑን ያዛውራል። ችግር የሚመጣው ማመልከቻው ከቀረበ በኋላ እሺታም እንቢታም ሳይሰማ የመነሻው ቀን የተቃረበ እንደሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው በሁለት ፍርሃት መካከል ይቆማል። ቢጠይቅ አለቃውን የነዘነዘ እንዳይመስልበት ይፈራል፤ ዝም ቢል ደግሞ ቀኑ እንዳያልፍበት ይፈራል። ብዙዎች ከሁለቱ ዝምታውን ይመርጣሉ፤ በመጨረሻው ቀን ግን ተጨንቀው ይነሡና በትሕትና ሊጠየቅ ይችል የነበረውን ነገር በቍጣ ይጠይቁታል።

ለዚህ ችግር መነሻው የአለቃውን ዝምታ አለመተርጐም ወይም አጣምሞ መተርጐም ነው። ዝምታ እንደ ንባብ ነው፤ ብዙ አንድምታ ይወጣለታል። አንድም አለቃው ወረቀቱን ገና አላየውም። አንድም አይቶት ከሌላ ክፍል የሚጣራ ነገር ይጠብቃል። አንድም የሚጠይቀው ነገር ኖሮት ጥያቄው ወደ ባለጉዳዩ ሳይደርስ ቀርቷል። አንድም ሊከለክል አስቦ፥ ክልከላውን ለመናገር ከብዶት ያቆየዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል «ፈቅጃለሁ» የሚል ትርጓሜ እንደሌለ ልብ ማለት ይገባል። «ዝም ያለኝ እሺ ቢለኝ ነው» ብሎ መንገድ የጀመረ ሠራተኛ በመዝገብ ላይ የሚጻፈው ፈቃድ እንደወሰደ ሳይሆን ከሥራ እንደቀረ ነው። ደግሞም «ዝም ያለኝ ቢከለክለኝ ነው» ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው፥ ምናልባት የአንድ መስመር ጕድለት ብቻ ያስቆመውን ጉዳይ በገዛ እጁ ይተወዋል።

ሕጉም ቢሆን ይህን መንገድ ያሳያል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 20 የሥራ ቀን ሰጥቶ፥ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ቀን እያከለ እስከ 30 ቀን ያደርስ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ በ16 የሥራ ቀን ይጀምራል። ሁለቱም ቀኑን ለሠራተኛው ሲሰጡ፥ የሚወጣበትን ጊዜ ግን ከሥራው ጋር አስማምቶ እንዲወስን ለአሠሪው ትተውታል። እንግዲህ ሠራተኛው የሚለምነው ቀኑን ሳይሆን የቀኑን ጊዜ ነው፤ ስለ ጊዜው የሚጠየቅ ጥያቄም መልስ የሚገባው ነው።

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይልቅ ግልጥ ይሆናል። በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል የሚሠራ ጸሐፊ ይታሰብ። እናቱ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ አርፋ፥ የሙት ዓመትዋ ተዝካር ኅዳር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ይውላል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። እህሉ የሚገዛው፥ ካህናቱ የሚጠሩት፥ ድንኳኑ የሚተከለው እርሱ ሲደርስ ነው። ስለዚህ መስከረም 28 ቀን ሰኞ፥ ከኅዳር 3 ቀን ሰኞ ጀምሮ የ10 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠው አመለከተ። የቀረው ጊዜ አምስት ሳምንት ስለነበረ ቀደም ብሎ በማመልከቱ የሚወቀስበት ነገር የለም። ነገር ግን አንድ ሳምንት አለፈ፥ ሁለተኛውም አለፈ፥ ሦስተኛውም አለፈ፤ መልስ አልመጣም።

ጸሐፊው ጥቅምት 19 ቀን ሰኞ፥ ሊነሣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፥ ማስታወስ እንደሚገባው ቆረጠ። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ከሁሉ የበለጠ ጠቀመው። ወደ አለቃው ሳይገባ አስቀድሞ ወደ መዝገብ ቤት ሄደና ወረቀቱ የት እንደደረሰ ጠየቀ። በመዝገብ ቤት ማንኛውም ደብዳቤ ሲገባ ቍጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ወደ ማን እንደተመራም ይጻፋል። የእርሱም ማመልከቻ በቍጥር 412 ተመዝግቦ፥ በዚያው ቀን ወደ ክፍሉ ኃላፊ ተመርቷል። ኃላፊው «የሰው ሀብት አስተዳደር የቀረውን ቀን አጣርቶ ያቅርብ» ብሎ መርቶታል። የሰው ሀብት አስተዳደርም 18 ቀን እንደቀረው አጣርቶ ጥቅምት 6 ቀን ማክሰኞ መልሶታል። ከዚያ ወዲህ ሌላ እንቅስቃሴ አልተጻፈም። እንግዲህ ወረቀቱ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ 13 ቀን ተኝቷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የኃላፊውን ጸሐፊ በእርጋታ ቢጠይቃት፥ አቃፊውን ገልጣ ተመለከተችና በማመልከቻው ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ቃል አሳየችው፤ ቃሉም «ተተኪው ማን ነው?» የሚል ነበር። ኃላፊው ጠይቆ ነበር፤ ጥያቄው ግን ከአቃፊው ሳይወጣ ቀረ። አለቃው ጸሐፊው መልስ አላመጣም ብሎ ይጠብቃል፤ ጸሐፊው አለቃው መልስ አልሰጠኝም ብሎ ያዝናል። ሁለቱም በአንድ ግቢ እየተገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሌላውን እንደሚጠብቅ ግን አንዳቸውም አያውቁም። ጸሐፊው ወደ መዝገብ ቤት ሳይሄድ በቀጥታ ገብቶ «ለምን አይፈቀድልኝም?» ቢል ኖሮ፥ ያልተከለከለውን ነገር እንደ ተከለከለ አድርጎ አለቃውን በከንቱ ባሳዘነ ነበር።

የተተኪ ነገር ለብዙ የፈቃድ ማመልከቻ መሰናከያ ነው። ይህን ከማንም ይልቅ ካህናት ያውቁታል፤ ሰሞነኛ ካህን መንገድ ሲሄድ ተራውን የሚይዝለትን ባልንጀራ ሳይነግር አይሄድም፤ ቅዳሴው አይቋረጥምና። በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። አለቃ ፈቃድ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሠራተኛው ድካም አይደለም፤ ባዶ ስለምትቀረው ወንበር ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ሥራውን ማን እንደሚይዝ ካልተናገረ፥ አለቃው መልሱን ራሱ መፈለግ ይኖርበታል፤ መፈለግ ያለበት ወረቀት ደግሞ ለነገ ይቀመጣል። ጸሐፊያችንም ጥቅምት 20 ቀን ማክሰኞ ከአጠገቡ የሚሠራውን ባልንጀራውን ለምኖ እሺ አሰኘው።

በማግሥቱ፥ ጥቅምት 21 ቀን ረቡዕ፥ ወደ አለቃው ገባ። ጠዋት ገና በር ሲከፈት ወይም ሰው ለምሳ ሲነሣ አልገባም፤ የጠዋቱ ፊርማ ካለቀ በኋላ ነበር። የተናገረውም ይህን ያህል ብቻ ነው፦ «እንደምን አደሩ። መስከረም 28 ቀን ያቀረብሁት የፈቃድ ማመልከቻ ከሰው ሀብት ተመልሶ በእርስዎ ዘንድ እንዳለ ከመዝገብ ቤት ተረዳሁ። ተተኪዬን ሳልጽፍ መቅረቴ የእኔ ጕድለት ነው። አሁን ባልንጀራዬ ሥራዬን ሊይዝልኝ ተስማምቷል፤ ይህንኑ በጽሑፍ ላቀርብልዎ መጣሁ።» በዚህ አነጋገር ውስጥ ወቀሳ የለም፤ ስለ ዘገየው ቀን ቍጥርም አልተነገረም። ነገር ግን አለቃው ማመልከቻው መቼ እንደቀረበ፥ አሁን የት እንዳለ፥ የጐደለውም እንደተሟላ በአንድ ጊዜ ሰማ።

በቃል መናገሩ ብቻ አይበቃም። በሥራ የተጠመደ አለቃ የሰማውን በምሳ ሰዓት ይረሳል፤ ወረቀት ግን ከጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ያን ዕለት በመዝገብ ቤት አስመዝግቦ ያቀረበው ማስታወሻ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ለሒሳብ ክፍል ኃላፊ።
ጥቅምት 21 ቀን 2011 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በቍጥር 412 የቀረበውን የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ ስለ ማስታወስ።

መስከረም 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ባቀረብሁት ማመልከቻ ከኅዳር 3 ቀን ጀምሮ የ10 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ መለመኔ ይታወሳል። የሰው ሀብት አስተዳደርም የቀረኝን ቀን አጣርቶ ጥቅምት 6 ቀን መልሷል። በፊተኛው ማመልከቻ ሳልጠቅሰው የቀረሁት የተተኪ ሠራተኛ ስም ከዚህ ጋር ቀርቧል፤ እርሱም መስማማቱን በፊርማው አረጋግጧል። ፈቃዱን የጠየቅሁት የእናቴን የሙት ዓመት ተዝካር ኅዳር 9 ቀን በአገር ቤት ለማውጣት ስለሆነ ይህ ቀን ሊዛወር አይችልም። የምነሣበት ቀን ግን ለሥራው አስፈላጊ ከሆነ እስከ ኅዳር 5 ቀን ሊዘገይ ይችላል። በእጄ ያለውን ሥራ ለተተኪዬ ለማስረከብ ጊዜ እንዲኖረኝ፥ የተወሰነውን እስከ ጥቅምት 27 ቀን እንዲያስታውቁኝ በትሕትና እለምናለሁ። የፊተኛው ማመልከቻ ግልባጭ ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር።»

ይህ ማስታወሻ አጭር ቢሆንም በውስጡ ሦስት ነገሮች ስላሉበት መመርመር የተገባ ነው። አንደኛው፥ አለቃው ምንም እንዳይፈልግ ተደርጎ መጻፉ ነው። ቍጥሩ አለ፥ ቀኑ አለ፥ የፊተኛው ወረቀት ግልባጭ ተያይዟል። «ቀደም ሲል ባመለከትሁት መሠረት» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለቃውን ወደ መዝገብ ቤት ይልከዋል፤ የተላከ አለቃም ወረቀቱን እንደገና ያስቀምጠዋል። ግልባጩ ከተያያዘ ግን የፊተኛው ወረቀት ቢጠፋ እንኳ በዚሁ ላይ ሊፈረም ይችላል።

ሁለተኛው፥ ሊዛወር የማይችለውን ቀን ሊዛወር ከሚችለው መለየቱ ነው። ብዙ ሠራተኛ የሚጽፈው የመነሻውን ቀን ብቻ ነው። አለቃው ምክንያቱን ስለማያውቅ «በሚቀጥለው ሳምንት ይሂድ» ብሎ ቢመራ፥ ለእርሱ አንድ ሳምንት ማዘግየት ነው፤ ለሠራተኛው ግን የተዝካሩ ቀን ያልፍበታል። ተዝካር ከሆነ የተዝካሩን ቀን፥ ፈተና ከሆነ የፈተናውን ቀን፥ የሐኪም ቀጠሮ ከሆነ የቀጠሮውን ቀን ገልጦ መጻፍ፥ ከዚያም «ከዚህ በፊት ያለው ጊዜ ይህን ያህል ሊጠብ ይችላል» ማለት አለቃውን «እሺ» ወይም «እንቢ» ከማለት ጭንቅ ያወጣዋል። በመካከል የሚቆምበት ስፍራ ያገኛል።

ሦስተኛው፥ መልስ የሚፈለግበትን ቀን ምክንያቱን ጨምሮ መናገሩ ነው። ቀኑ የተቈጠረው ከመነሻው ቀን ወደ ኋላ ነው። ከኅዳር 3 ቀን በፊት ያለው የመጨረሻው የሥራ ቀን ጥቅምት 30 ቀን ዓርብ ነው። ሥራ ለማስረከብ ሁለት ቀን፥ የፈቃዱ ደብዳቤ ተጽፎ እስኪወጣ አንድ ቀን ቢታሰብ፥ መልሱ ማክሰኞ ጥቅምት 27 ቀን መታወቅ አለበት። ሠራተኛ ሁሉ ይህን ቍጥር ለራሱ አስቀድሞ ቢቈጥር፥ መቼ ማስታወስ እንዳለበት ያውቃል። ማስታወስ የሚጀመረው ለመነሣት ጥቂት ቀን ሲቀር ሳይሆን፥ መልሱ ሊጠቅም ከሚችልበት የመጨረሻ ቀን አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ማመልከቻው በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር በሚቀርብበት መሥሪያ ቤትም ነገሩ ያው ነው፤ በመስኮቱ ላይ «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ቃል መታየቱ፥ የሚጠባበቀው ማን እንደሆነ አይናገርምና መጠየቅ ያስፈልጋል።

በማስታወሻው ውስጥ ያልተጻፉትም ነገሮች ትምህርት ይሰጣሉ። «መልስ ካልተሰጠኝ እንደተፈቀደ እቈጥረዋለሁ» አላለም፤ ይህ ቃል ልመናውን ወደ ዛቻ ይለውጠዋል፤ ለሠራተኛውም የሚያስገኝለት መብት የለም። «የመኪና ቲኬት ገዝቻለሁ» አላለም፤ እንዲህ ማለት አለቃው ሳይወስን የተወሰነ ያስመስላልና ያስቈጣዋል። ለበላይ ሹምም ግልባጭ አላደረገም። በመጀመሪያው ማስታወሻ ላይ ለበላይ ግልባጭ ማድረግ ማስታወስ አይደለም፥ መክሰስ ነው፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ መልስ የሚጽፈው ለራሱ መከላከያ እንጂ ለባለጉዳዩ ጥቅም አይሆንም። አማላጅ መላክ፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በለቅሶ ቤት ጠብቆ ስለ ፈቃድ መጠየቅ፥ በሌሊት በእጅ ስልክ መልእክት መላክ፥ እነዚህም ሁሉ ጉዳዩን ከመዝገብ ያወጡታል፤ ከመዝገብ የወጣ ጉዳይ ደግሞ ነገ ምስክር የለውም።

መልሱ ጥቅምት 26 ቀን ሰኞ መጣ። ኃላፊው የጥቅምት ወር ሒሳብ ኅዳር 4 ቀን ስለሚዘጋ ጸሐፊው እስከዚያ እንዲቈይ፥ ፈቃዱም ከኅዳር 5 ቀን ረቡዕ ጀምሮ እንዲሰጠው፥ የተጠቀሰውም ሠራተኛ እንዲተካው መራ። ጸሐፊው ሁለት ቀን ዘገየ፤ ነገር ግን ሐሙስ ማታ ከቤቱ ደረሰ፤ ዓርብና ቅዳሜ ጕዳዩን አሰናዳ፤ እሑድ ተዝካሩን አወጣ። 10 የሥራ ቀኑም ባለቀ ጊዜ ወደ ሥራው ተመለሰ። ምናልባት «እስከ ኅዳር 5 ቀን ሊዘገይ ይችላል» የሚለውን ቃል ባይጽፍ ኖሮ፥ ኃላፊው የወሩን ሒሳብ አስቦ ፈቃዱን እንዳለ በከለከለው ነበር።

እንዲህ ሳይሆን ቢቀርስ? ጥቅምት 27 ቀን ቢያልፍና መልስ ባይመጣ ምን ይደረጋል? በዚህ ጊዜ ወደ በላይ ሹም መሄድ ይቻላል፤ የሚሄደው ግን አለቃውን አስታውቆ ነው። «ሥራ በዝቶብዎት እንደሆነ አያለሁ፤ ቀኑ ስለ ደረሰብኝ፥ ቢፈቅዱልኝ ጉዳዩን ለዋናው ኃላፊ ላቅርበው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚህ ቃል በኋላ ብዙው አለቃ ወረቀቱን በዚያው ሰዓት አውጥቶ ይፈርማል፤ የማይፈርመውም ቢሆን ሳይነገረው ታለፍሁ ብሎ ሊቀየም አይችልም። አለቃው በመንገድ ወይም በሕመም ምክንያት ከቢሮ የሌለ እንደሆነ ደግሞ፥ በእርሱ ፈንታ እንዲፈርም የተወከለው ማን እንደሆነ ከመዝገብ ቤት ጠይቆ ማስታወሻውን ለእርሱ ማቅረብ ነው። ብዙ ወረቀት የሚቀመጠው ተወካይ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን፥ ተወካይ መኖሩን ባለጉዳዩ ሳያውቅ ነው።

ይህም ሁሉ ተደርጎ እስከ ጥቅምት 30 ቀን ማታ መልስ ያልተገኘ እንደሆነ፥ ሠራተኛው ሰኞ በሥራው ላይ መገኘት አለበት። ይህ መራራ ምክር ነው። እናቱን በሙት ዓመትዋ ለማሰብ የተነሣ ሰው በአንድ ያልተፈረመ ወረቀት ምክንያት ከጠረጴዛ ኋላ ሲቀመጥ የሚሰማውን ሐዘን ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን ያለ ፈቃድ ቢሄድ፥ ጥፋቱ ከአለቃው ትከሻ ወርዶ በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ መልስ አለመሰጠቱን ቢናገርም፥ የሚጠየቀው ስለ መቅረቱ ይሆናል። በሥራው ላይ ከተገኘ ግን የማመልከቻው ቍጥር፥ የማስታወሻው ቀን፥ የመዝገብ ቤቱም ምስክርነት በእጁ አሉ፤ ሰኞ ዕለትም ቢሆን ከተፈቀደለት እስከ ኅዳር 9 ቀን ለመድረስ ገና ጊዜ አለው። ስለዚህም ነው አስተዋይ ሰው ማስታወሻውን ሲጽፍ፥ በዚያው ሳምንት ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ «ምናልባት ብዘገይ እናንተ ጀምሩ» ብሎ የሚልከው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ለማኙ ወገን ነው። ነገር ግን ማስታወሻ የሚያስፈልገው መልስ ስለ ዘገየ ነውና፥ ነገሩ የሹማምንትንም ወገን ይነካል። አለቃ ወረቀት ሲቀርብለት ሊያደርግ የሚገባው ከሦስት አንዱ ነው፤ ይፈቅዳል፥ ወይም ምክንያቱን ጽፎ ይከለክላል፥ ወይም የጐደለውን ጠይቆ ወረቀቱን ወደ ባለቤቱ ይመልሳል። በኅዳግ ላይ ጥያቄ ጽፎ በአቃፊ ውስጥ መተው ከሦስቱ አንዱም አይደለም። የዚያ ኃላፊ ጥያቄ ትክክለኛ ነበር፤ ጕድለቱ «ለአመልካቹ ይመለስ» የምትል ሁለት ቃል አለመጻፉ ብቻ ነው። ያችን ሁለት ቃል ለመጻፍ ከቅጽበት በላይ አይፈጅም፤ ባለመጻፍዋ ግን 13 ቀን ጠፋ፤ ሌላ ደብዳቤም ተጻፈ፤ ሦስት ሰዎችም ከሥራቸው ተነሡ።

ክልከላን ማዘግየትም ቸርነት የሚመስለው አለቃ አለ። «አሁን ብነግረው ያዝናል፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይረዳዋል» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ጥቅምት 6 ቀን የተነገረ «አይሆንም» ሠራተኛውን ያሳዝነዋል፤ ነገር ግን ወንድሙን ለመላክ፥ ወይም ቀኑን አሳጥሮ እንደገና ለመለመን አራት ሳምንት ያህል ይተውለታል። ጥቅምት 30 ቀን የተነገረ «አይሆንም» ግን ሐዘኑን ሳይቀንስ መፍትሔውን ሁሉ ይወስድበታል። ጥቅምት 30 ቀን ማታ የተነገረ «እሺ» እንኳ ቢሆን ሥራውን ሳያስረክብ የሚሄድ ሠራተኛ ያደርገዋልና፥ ጕዳቱ ተመልሶ ለመሥሪያ ቤቱ ነው።

ከዚህ የተነሣ ማስታወሻ የሚቀበል አለቃ እንደ ተደፈረ ሊቈጥረው አይገባም። ቍጥሩንና ቀኑን ጠቅሶ፥ የጐደለውን አሟልቶ፥ የሚዛወረውንና የማይዛወረውን ለይቶ የቀረበ ማስታወሻ፥ አለቃው ራሱ ሊሠራው ከሚገባው ሥራ እኩሌታውን ሠርቶለት የመጣ ነው። ሠራተኛውም ማስታወስን እንደ ድፍረት ሊፈራው አይገባም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለክፉ ነገር የተነገረ እንጂ፥ ወረቀቱ በጠረጴዛ ላይ ለተኛበት ባለጉዳይ የተነገረ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ዘገየ?» ሳይሆን «የት ደረሰ?» መሆኑን ያወቀ ሰው፥ የፈለገውን ባያገኝ እንኳ የሚሆነውን በጊዜው ያውቃል፤ ከአለቃውም ጋር ሳይቀያየም ይቈያል።